«ተከፍሏል»፦ ከቡዳፔስት የጉዞ ማስታወሻ

ከቪየና የተነሳው ባቡር ቡዳፔስት ኬሌቲ ጣቢያ ለመግባት ሦስት ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። በኦስትሪያ በኩል የነፋስ ተርባይን ተደርድሯል፤ ሄጌሽሃሎም የምትባለውን የድንበር ጣቢያ ካለፉ በኋላ ደግሞ የድምፅ ማጉያው ቋንቋ ይለወጥና ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ይሰማሉ። የመጣሁት ዳኑቤን ለማየትና የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። ዳኑቤን አየሁት፤ ሰፊና አፈርማ ነው። የቀረው ማስታወሻዬ ግን ስለ አንድ የተማሪ ስታይፔንድ ሆኖ ቀረ።

ልጁ ሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነው፤ ስምንተኛው ወረዳ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። በመጀመሪያው ምሽት ያመጣሁለትን ሽሮ ሠርቶ አቀረበ። እንጀራ ስለሌለ በዳቦ በላነው። ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ብርዱን ሁሉ አወራኝ። የቤት ኪራዩን ስጠይቀው ግን ድስቱን ለማጠብ ተነሳ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ የዚህ ወሩን አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከፍሎልኛል» አለኝ፣ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ። ያለፈውንስ? «ያለፈውንም እሱ ነው።»

ከጃንዋሪ ጀምሮ ከስታይፔንዱ አንድ ፎሪንት አልገባለትም። ለእናቱም አልነገራትም። ብትሰማ ያላትን ሸጣ ትልክለታለች፤ ከአዲስ አበባ የውጭ ምንዛሪ አግኝቶ መላክ ደግሞ እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

ነገሩን ለሚያነብ ሰው የስኮላርሺፑን አሠራር ባጭሩ ላስረዳ። ስሙ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ይባላል፤ የሃንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ነው። ትምህርቱ ነጻ ነው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት መደጎሚያ ይሰጠዋል፤ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ላላገኘ ደግሞ ለኪራይ 40,000 ይጨመርለታል። ድምሩ 83,700 መሆኑ ነው፤ ዩሮ ወደ 400 ፎሪንት በሚመነዘርበት ጊዜ ሁለት መቶ ዩሮ ከምናምን። ሰጪዎቹ ራሳቸው ይህ ገንዘብ ለኑሮ ማገዣ እንጂ ሙሉ መተዳደሪያ እንዳልሆነ አስቀድመው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። ልጁ ቅዳሜና እሁድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል፤ ከዚያ የሚያገኘው ለምግብና ለትራንስፖርት ይሆናል። ኪራዩ ግን የተደገፈው በስታይፔንዱ ነው፤ ስታይፔንዱ ሲቆም መጀመሪያ የሚናጋው እሱ ነው።

ገንዘቡን ለተማሪው የሚልከው መንግሥት በቀጥታ አይደለም። የስኮላርሺፑን ፕሮግራም የሚያስተዳድር አንድ የሕዝብ ፋውንዴሽን አለ፤ ለተማሪው የሚከፍለው ግን የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ አቤቱታው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲው የስኮላርሺፕ አስተባባሪ ነው፤ ፋውንዴሽኑ የሚመጣው እዚያ ሰሚ ሲጠፋ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ጽፏልም። ስልኩን ከፍቶ የጻፈውንና የተመለሰለትን አሳየኝ።

በጃንዋሪ፦ «አሁን የፈተና ወቅት ነው፤ እባክዎ ይታገሱ።» በፌብሩዋሪ፦ «የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ወር ክፍያ ከማርች ጋር አብሮ ይፈጸማል።» በማርች፦ «በሥርዓታችን ላይ ክፍያዎ ተፈጽሟል።»

ሠላሳ ዓመት ገደማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ኖሬአለሁ። ሦስቱን መልሶች አንድ ላይ ሳነባቸው ከሁሉ የሳበኝ የመጨረሻው ነበር። «ተፈጽሟል» የሚል ሂሳብ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። እሱ «ተፈጽሟል» የሚለው የክፍያ ትእዛዙን ፈርሞ ለባንክ ያስተላለፈ ዕለት ነው፤ ተማሪው ደግሞ «አልተከፈለኝም» የሚለው የራሱን ሂሳብ አይቶ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው ገንዘቡ መሐል ላይ ሊቀር ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ቡና አፍልተን ኮምፒውተሩን ከፈትን። በሃንጋሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኑሮው ሁሉ ኔፕቱን በሚባል ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ምዝገባው፣ ፈተናው፣ ውጤቱ፣ ገንዘቡ። እያንዳንዱ ተማሪ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ ስድስት ሆሄ የኔፕቱን ኮድ አለው። ከፋይናንስ ክፍሉ ስር የስኮላርሺፕና ክፍያ ዝርዝር አለ። የጃንዋሪ ክፍያ ተቀምጧል፤ ተከፍሏል ይላል፣ ቀኑ ጃንዋሪ 9። የፌብሩዋሪና የማርች አንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተከፍሏል፣ ማርች 8።

«አዩ? እነሱ ከፍለናል ይላሉ፤ ባንኬ አልገባም ይላል። ማንን ልመን?»

«ሁለቱንም እመን» አልኩት። «ወደየትኛው ሂሳብ ነው የላኩት?»

ዝም አለ። በዲሴምበር መጨረሻ ባንክ ቀይሮ ነበር። የድሮው ባንክ ለተማሪ ሂሳብ የዕድሜ ገደብ አለው፤ ልጁ ገደቡን ሲያልፍ በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ መቁረጥ ጀመሩ። እሱም ዘግቶ ሌላ ባንክ ገባ። አዲሱን የሂሳብ ቁጥር በዚያው ሳምንት ኔፕቱን ላይ አስገብቷል፤ መግባቱን የሚያሳይ ምስልም አንስቶ አስቀምጧል፤ ለአስተባባሪዋም ቁጥሩን ጽፎ አሳውቋታል። ሥርዓቱ ግን ለአንድ ተማሪ ከአንድ በላይ የሂሳብ ቁጥር ይይዛል፤ ክፍያ የሚሄደው መደበኛ ተብሎ ወደ ተመረጠው ነው። በልጁ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ተቀምጧል። የመደበኛነት ምልክቷ ያለችው የተዘጋው ሂሳብ አጠገብ ነበር።

ምልክቷን ለማዛወር ሞከርን፤ ተዛወረች። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ለሚመጣው ክፍያ ብቻ ነው። የሄደው ሄዷል። ወደ ተዘጋ ሂሳብ የተላከ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ላኪው ዘንድ ሲደርስ ግን የማን እንደሆነ ተጣርቶ እስኪመዘገብ ድረስ ተንጠልጣይ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የሚያወጣው ሰው ካልተነሳ ዓመት ቢቀመጥ አይናገርም። በተማሪው ገጽ ላይ ያለው «ተከፍሏል» ደግሞ ገንዘቡ ስለተመለሰ ብቻ በራሱ አይለወጥም።

ቢሮውን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። የተማሪ ክፍያ ተመልሶ ሲመጣ አንድ መስመር ጽፎ «ሂሳብህ አይሠራም» ማለት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ልጁ እኮ በጃንዋሪ ጽፎላቸዋል። ያኔ «ታገሥ» ከማለት ፈንታ የባንክ መግለጫቸውን ቢያዩ ገንዘቡ እዚያው ነበር።

ወደ ቢሮው አብረን ሄድን። በትልቁ ቀለበት መንገድ ላይ የሚመላለሰው ቢጫ ትራም፣ 4 እና 6 ቁጥር፣ ሁልጊዜ ጢም ያለ ነው። የስኮላርሺፕ ቢሮው ባለጉዳይ የሚቀበለው በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው፤ ተራ ቁጥር ከማሽን ይወሰዳል። ሂሳብ ክፍሉ ደግሞ ተማሪ ጭራሽ አይቀበልም፤ የሚገናኘው በአስተባባሪዋ በኩል ነው። አስተባባሪዋ ወጣት ናት፤ ትሑት ናት፤ ጠረጴዛዋ በፋይል ተሞልቷል። ስሙን ነገራት፤ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። «እንዲህ የሚባል ተማሪ የለንም» አለች።

በሃንጋሪ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የግል ስም ይከተላል። እኛ ኳስ ተጫዋቹን ፑሽካሽን በአንድ ስም ነው የምናውቀው፤ በከተማው ትልቅ ስታዲየም ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። ሙሉ ስሙን ሲጠሩ ግን ፑሽካሽ ፌሬንትስ ነው የሚሉት፤ ፌሬንትስ የግል ስሙ ነው። በልጁ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እሱ የሚታወቀው በአያቱ፣ ማለትም በአባቱ አባት ስም ነው። አያቱ ደብረ ብርሃን ተወልደው ደብረ ብርሃን ያረፉ ሰው ናቸው፤ ቡዳፔስት ውስጥ የሂሳብ ቁጥር አላቸው ቢሏቸው ይስቁ ነበር። አስተባባሪዋ ያገኘችው የኔፕቱን ኮዱን ሲሰጣት ነው።

ካገኘችውም በኋላ ማንነቱን ለማረጋገጥ የጠየቀችው የእናቱን ስም ነው። እዚህ አገር የእናት ስም የማይጠየቅበት ፎርም የለም ማለት ይቻላል፤ በግብር መለያ ካርድም፣ በመኖሪያ ፈቃድም፣ በባንክም። ተመሳሳይ ስምና የቤተሰብ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ የሚለዩት በእናት ነው። የሚጻፈውም እናትየዋ ስትወለድ የነበራት ስም ነው። ለእኛ ይህ ይቀላል፤ እናቶቻችን ሲያገቡ ስም አይቀይሩም። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው፤ በአንዱ ሰነድ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሁለት ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት እናት ያደርጋቸዋል። ልጁ ይህን ከመጀመሪያው ዓመት ስለተማረ የእህቴን ስም በሁሉም ቦታ ፓስፖርት ለማውጣት ካቀረበው የልደት ካርድ ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው።

አስተባባሪዋ ገጹን አየች። «ተከፍሏል ይላል» አለች።

«ወደየትኛው የሂሳብ ቁጥር እንደተላከ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አላት። ቤት ያጠናነው ጥያቄ ነው።

ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ለእሷ እንደማያሳያት፣ ሂሳብ ክፍሉን መጠየቅ እንዳለባት ነገረችንና በጽሑፍ እንዲያመለክት ጠየቀች። ደስ አለኝ። በቃል የተባለ አቤቱታ ቀን የለውም።

ማታ ደብዳቤውን ልንጽፍ ተቀመጥን። መጀመሪያ እሱ የጻፈውን አነበበልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። በታላቅ አክብሮት ይጀምራል፤ የሃንጋሪ ሕዝብና መንግሥት ላደረጉለት ያመሰግናል፤ ከድሃ ቤተሰብ መምጣቱን፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ መቸገሩን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ይተርካል። «ለሦስት ወር አልተከፈለኝም» የምትለው ዐረፍተ ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት። አገር ቤት ማመልከቻ የምንጽፍበት መንገድ ነው፤ ባለሥልጣኑ ሆዱ እንዲራራ እንጽፋለን። እዚህ ያለው ሂሳብ ሠራተኛ ግን ሆዱ ቢራራም የሚፈልገው ቀንና ቁጥር ነው። እነዚያን ካላገኘ ደብዳቤውን ወደሌላ ያስተላልፈዋል።

ሌላም ነገር ነበረበት። «ሦስት ወር» የሚለው ልክ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው መመሪያ ክፍያ በየወሩ እስከ 10ኛው ቀን እንደሚላክ ይናገራል፤ የሴሚስተሩን የመጀመሪያ ወር ግን ለይቶ ያወጣዋል፤ የእሱ በሚቀጥለው ወር አብሮ ይመጣል። የጸደዩ ሴሚስተር የሚጀምረው በፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ የጃንዋሪው የዘገየው ከጃንዋሪ 10 ጀምሮ ነው፤ የፌብሩዋሪውና የማርቹ ግን ሁለቱም የዘገዩት ከማርች 10 ወዲህ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ከጻፈ፣ መልስ ሰጪው የፌብሩዋሪውን መዞ «በደንቡ መሠረት ነው» ብሎ ሊመልስለት ይችላል፤ በፌብሩዋሪም ያገኘው ይህንኑ ነው። ሁለት መዘግየት አድርገን ለየነው።

በእንግሊዝኛ የጻፍነው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ወደ ተዘጋ ሂሳብ ተልኮ የተመለሰ ስታይፔንድ። ስሜ፣ የኔፕቱን ኮዴ፣ የትውልድ ቦታና ቀኔ፣ የእናቴ ስም ከላይ ተጽፏል። ኔፕቱን ላይ የጃንዋሪ ክፍያ ጃንዋሪ 9፣ የፌብሩዋሪና የማርች ክፍያ ማርች 8 እንደተከፈሉ ይታያል። ሦስቱም ወደ ሂሳቤ አልገቡም፤ ድምሩ 251,100 ፎሪንት ነው። የቀድሞ ሂሳቤ የተዘጋው በዲሴምበር ነው፤ ባንኩ የሰጠኝ የመዝጊያ ማስረጃ ተያይዟል። አዲሱን ሂሳብ በዲሴምበር ማስመዝገቤን የሚያሳይ ምስልና የአዲሱ ባንክ የሦስት ወር መግለጫ ተያይዘዋል። ክፍያዎቹ ወደየትኛው ሂሳብ እንደተላኩ፣ ተመልሰው ከሆነም የተመለሱበትን ቀን እንድታሳውቁኝና ወደ አዲሱ ሂሳቤ እንደገና እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። የሁለት ወር የቤት ኪራዬን አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስለከፈለልኝ ገንዘቡ የሚላክበትን ቀን በጽሑፍ ብትነግሩኝ ለእሱ አሳየዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጨመረው እሱ ነው፤ እኔ ላወጣት ነበር። ተከራከረኝ፤ ትክክል ነበር። ችግሩን በአንድ መስመር የሚናገር፣ በዚያውም መልስ የሚጠይቅ ነገር ናት።

የባንክ የመዝጊያ ማስረጃውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ሄደ። በዚያውም ትልቁ የገበያ አዳራሽ ገባን፤ በገመድ የተሰካ ቀይ በርበሬ ከየሱቁ ተንጠልጥሏል፤ ሸተትኩት፤ አያቃጥልም። ከዚያ ማርች 15 ሆነ። እ.ኤ.አ. የ1848ቱን አብዮት የሚያስቡበት ብሔራዊ በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ጥብጣብ ደረቱ ላይ ሰክቷል። ከዓድዋ በዓል ሁለት ሳምንት አይርቅም። ቢሮ ዝግ ነው። እኛም በአረንጓዴው የነጻነት ድልድይ ላይ ስንመላለስ ዋልን።

መልሱ የመጣው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ አስተባባሪዋ የሂሳብ ክፍሉን መልስ አስተላልፋለች። ሁለቱም ዝውውሮች ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሰዋል። የጃንዋሪው በተላከ በአራተኛው ቀን ነው የተመለሰው። ማለትም ልጁ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ደብዳቤውን ሲጽፍ ገንዘቡ ዩኒቨርሲቲው ካዝና ውስጥ ነበር። የፌብሩዋሪና የማርች 167,400 ፎሪንት በወሩ ማብቂያ በሚደረገው ተጨማሪ ክፍያ እንደሚላክ ቀን ጠቅሰው ጽፈዋል። የጃንዋሪው ግን ያለፈው ሴሚስተር ሂሳብ ስለተዘጋ አዲስ የክፍያ ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ «በሂደት ላይ ነው።»

ደብዳቤውን አብሮት ለሚኖረው ልጅ አሳየው። ያበደረው የሚመለስበትን ቀን በጣቱ ጠቁሞ ራሱን ነቀነቀ። በተባለው ቀን ገንዘቡ ገባ። እኔ ያኔ ቪየና ነበርኩ፤ የስልኩን መልእክት አንስቶ ላከልኝ።

የጃንዋሪው 43,700 እና 40,000 ይቀራል። «በሂደት ላይ» የሚለውን ቃል እኔም በሥራ ዘመኔ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ቀን ካልተጨመረበት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኤፕሪል 10 ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲጽፍ ተስማምተናል፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤና የመጣለትን መልስ አያይዞ፣ ግልባጩን በዚህ ጊዜ ለፋውንዴሽኑ አድርጎ። ጽፎት አስቀምጧል፤ የቀረው ቀኑን መሙላት ነው።